FVC ቀነሰ ማለት ሳንባው አልሰፋም ማለት ነው?

«እናቴ ጎንደር የትንፋሽ ምርመራ ተደረገላት። FEV1 1.2፣ FVC 1.9 ሊትር ይላል። FVC ስለቀነሰ ሳንባዋ መስፋት አቅቶት ነው?»

ወንድሜ፣ FVC በረጅሙ ስባ በኃይል የምታስወጣው ጠቅላላ አየር ነው፤ FEV1 ደግሞ ከዚያ ውስጥ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚወጣው ነው። መጀመሪያ 1.2ን ለ1.9 አካፍል። 0.63 ይመጣል። በኃይል ካስወጣችው አየር በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው 63 በመቶው ብቻ ነው። ከ0.70 በታች ሲሆን ብዙውን ጊዜ የአየር ቧንቧ መጥበብን ያሳያል። ችግሩ የሳንባው አለመስፋት ብቻ ቢሆን ሁለቱም አብረው ይወርዱ ነበር፤ ለምሳሌ 1.2 ለ1.4፣ ማለትም 0.86።

FVC የቀነሰው አየር ውስጥ ታፍኖ ስለሚቀር ሊሆን ይችላል። ትንፋሿን ቶሎ አቋርጣም ከሆነ ይቀንሳል። የቧንቧ መጥበብም የሳንባ አለመስፋትም አብረው እንዳሉ የሚለየው የሳንባን ጠቅላላ መጠን የሚለካ ሌላ ምርመራ ነው። ቧንቧ ከፋች መድኃኒት ከሳበች በኋላ ተለክታ እንደሆነም ጠይቅ። ዕድሜዋን በእንጨት ጭስ እንጀራ ስትጋግር ከኖረች ለሐኪሟ ሳትነግር እንዳትወጣ።