«2 ሰዓት» የትኛው 2 ሰዓት?

«ሆቴል ማኔጅመንት ተመርቄ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ የሙከራ ጊዜዬን እየጨረስኩ ነው። ሺፍት ሳስረክብ የምጽፈው ማስታወሻ አይገባም እየተባልኩ ሁለቴ ተወቅሻለሁ። ሀውስኪፒንግም ያማርራል። እንዴት ልጻፍ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ሰዓት አጻጻፍሽን እዪ። ሪሴፕሽን እሠራ በነበረበት ጊዜ የ304 እንግዳ በፈረንጅ 2 ሰዓት፣ ማለትም ከቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ልቆይ አለኝ፤ ተፈቀደለት። እኔም እንደሰማሁት «304፣ ሌት ቼክአውት፣ 2 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። የጠዋቷ የፎቅ ተቆጣጣሪ በእኛ አቆጣጠር አነበበችው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ሰውዬው የገባው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነበር። ንዴቱን የተቀበለችው ግን ምንም ያላጠፋችው የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

14:00 ብለሽ ብትጽፊ ማንም አይሳሳትም። 08:00 ግን አሁንም ያምታታል፤ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? ስለዚህ ሁለቱንም ጻፊ፦ «14:00፣ ከቀኑ 8 ሰዓት»።

ሁለተኛው ጣጣ «ተነግሯል» የሚለው ቃል ነው። «412 ሻወር አይሠራም፣ ተነግሯል» ብለሽ ብትወጪ የሚረከብሽ ሰው ለማን እንደተነገረ፣ ምን እንደተባለ፣ ክፍሉ ይሸጥ አይሸጥ አያውቅም። እንዲህ ቢሆንስ?

«412፦ የሻወሩ ሙቅ ውሃ አይመጣም። 19:20 (ከምሽቱ 1:20) ለተረኛው የጥገና ሠራተኛ ነገርኩ፤ ነገ ጠዋት እሠራዋለሁ ብሏል። እንግዳው ወደ 415 ተዛውሯል። 412 በሲስተም ላይ ከሽያጭ ወጥቷል። የቀረ፦ በ412 ስም ላውንደሪ የገባ 2 ሸሚዝ አለ፣ ወደ 415 ይሂድ። ጥገናው ሲያልቅ ክፍሉ ይጸዳ፤ ተቆጣጣሪ ሳታየው አይሸጥ።»

የሸሚዙን ነገር ልብ በይ። ክፍል ሲቀየር ሁሌ የሚረሳው እንዲህ ያለው ነው፤ ላውንደሪ፣ ጠዋት ቀስቅሱኝ ያለበት ሰዓት፣ ለልጅ የተጠየቀ ተጨማሪ አልጋ። ሲስተሙ ላይ ክፍሉን ብትቀይሪም ላውንደሪ ቤት ያለው ወረቀት አሁንም 412 ነው የሚለው።

ሀውስኪፒንግ ደግሞ ግምት ሳይሆን ያየውን እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። ሲስተሙ እንግዳ አለበት የሚለው ክፍል ባዶ ሲገኝ «ወጥቷል» ተብሎ ከተጻፈ ክፍሉን ልትሸጪው ትችያለሽ፤ ሰውዬው ግን ወዳጁ ቤት አድሮ ሊመለስ ይችላል። «10:15 (ከጠዋቱ 4:15)፣ አልጋው አልተተኛበትም፣ ሻንጣ የለም» ከተባለ ግን ሂሳቡን አይተሽ፣ ስልኩን ደውለሽ ታረጋግጫለሽ።

ስታስረክቢ «የቀረ» የሚሉትን መስመሮች ብቻ ለተረካቢው ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ያላለቀ ካለ «ከላይ ይመልከቱ» አትበዪ፤ ሙሉውን በአዲሱ ገጽ ላይ ገልብጪው።