የካቴተር ፈተና ላይ ፈታኝ ሆናችሁ ለምትቆሙ ወጣት መምህራን

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ከእናንተ ብዙዎቹ በስኪል ላብ ውስጥ ቼክሊስት ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈታኝነት ትቆማላችሁ። እኔም በነርስ መምህርነት ስኖር ከሁሉም በላይ ያከራከረኝ ጣቢያ የሽንት ካቴተር ጣቢያ ስለሆነ፣ ስለ እሱ ብቻ ልጻፍላችሁ። ለምሳሌ የምወስደው የሴት ማኒኪን ላይ የሚደረገውን ነው፤ የወንዱን በመሃል አነሣዋለሁ።

ብዙ ቼክሊስቶች ላይ «የስቴራይል ቴክኒክ ጠብቋል» የሚል አንድ መስመር ታገኛላችሁ። ይህን መስመር ሰርዙት። ሁለት ፈታኞች አንድን ተማሪ አብረው እያዩ አንዱ ሙሉ ነጥብ፣ ሌላው ዜሮ የሚሰጡት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ የራሳቸው ምክንያት አላቸው። መስመሩ የሚጠይቀው ዓይን የሚያየውን ድርጊት ሳይሆን ፈታኙ በመጨረሻ የሚያድርበትን ስሜት ነው። በምትኩ የሚታየውን ጻፉ። «ላቢያውን ገልጦ የያዘው እጅ ካቴተሩ እስኪገባ ድረስ አልለቀቀም።» «የያዘበት እጅ ወደ ስቴራይል ፊልዱ አልተመለሰም።» «እያንዳንዱን ጥጥ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ አውርዶ ጣለው።» እንዲህ ሲሆን የፈታኙ ሥራ አየሁ ወይም አላየሁም ማለት ብቻ ይሆናል። ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ ብላችሁም አትጻፉ። ግራኝ ተማሪ ይመጣና ፈታኙ እሱን እያየ ወረቀቱን በልቡ ሲገለብጥ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። «የያዘበት እጅ» እና «የሚሠራበት እጅ» ይበቃል።

የያዘበትን እጅ ደጋግሜ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ስቴራይል ጓንት ቢያጠልቅም ያ እጅ የታካሚዋን ቆዳ ከነካባት ቅጽበት ጀምሮ ስቴራይል አይደለም። ተማሪው ይህን በቃል ጠይቁት፣ አሳምሮ ይመልስላችኋል። ካቴተሩ ሲንሸራተትበት ግን ያ እጅ ሳይታዘዝ ሊያግዝ ይመጣል። ላቢያውን ለቆት እንደገና ከገለጠው ደግሞ የተጸዳው ቦታ ተነካክቷል፤ ማጽዳቱ ከመጀመሪያው ይደገማል።

ነጥቡን እንዴት እንስጥ? እኔ የምመርጠው 15 መስመሮችን ከ0 እስከ 2 መስጠት ነው። ማንም ሳያስታውሰው በትክክል ከሠራ 2፣ ከፊሉን ከሠራ ወይም ተሳስቶ ራሱ ካረመ 1፣ ካልሠራ ወይም በፈታኙ ምልክት ከሠራ 0። ድምሩ 30፣ ማለፊያው 21። ከእነዚህ ውጭ ነጥብ የሌላቸው፣ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሚባልባቸው ሦስት ወሳኝ መስመሮች ይኖራሉ፤ በአንዱ እንኳ «አይ» ያገኘ ድምሩ የቱንም ያህል ቢሆን አያልፍም። አንደኛው፣ የተበከለ ነገር ወደ ሽንት ቧንቧ አልገባም። ሁለተኛው፣ ሽንት ሳይወርድና ከዚያ በኋላ ካቴተሩ ጥቂት ሳይገፋ ባሉኑ አልተነፋም። ሦስተኛው፣ ታካሚዋ ሕመም ስትናገር ተማሪው አቁሟል። ወሳኝ መስመር አታብዙ። አሥር ካደረጋችሁት ማንም አያልፍም፣ ፈታኞችም እያዘኑ አይተው እንዳላዩ ማለፍ ይጀምራሉ።

ድምር ብቻውን እንዴት እንደሚያታልል በሁለት ተማሪዎች ላሳያችሁ። የመጀመሪያዋ ረጋ ያለች ናት። ራሷን አስተዋወቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ዕቃዋን በሥርዓት ዘረጋች። መጋረጃውን ዘግይታ በመሳቧ፣ ሻንጣውን በማንጠልጠልና መዝገብ በመጻፍ ላይ አንዳንድ ነጥብ አጣች፤ 27 አገኘች። ነገር ግን ካቴተሩ ሲታጠፍባት በያዘችበት እጅ ከጫፉ አጠገብ ቆንጥጣ አቀናችውና እንደዚያው አስገባችው። ሁለተኛዋ የተጨነቀች ናት። የካቴተሩ ጫፍ የማኒኪኑን ጭን ነካባት። ቆም አለችና «ተበክሏል፣ ሌላ ስጡኝ» አለች፤ አዲሱ ሲቀርብላትም በትክክል አስገባችው። በዚህ ሰዓቷ ሄደ። ከ10 ደቂቃው መዝገብ ለመጻፍ፣ ካቴተሩን ጭን ላይ ለማሰርና ሻንጣውን ከፊኛ ዝቅ አድርጎ ለማንጠልጠል አልደረሰችም፤ በእነዚህ 6 ነጥብ፣ በጫፉ 1፣ ታካሚዋን ባለማመቻቸቷ 1 አጣችና 22 ላይ ቆመች። በድምር ብቻ ቢሆን የመጀመሪያዋ ቀዳሚ ናት። በወሳኝ መስመር ግን ሁለተኛዋ ታልፋለች፣ የመጀመሪያዋ ትወድቃለች። ልዩነታቸው አንዷ ነካካች ሌላዋ አልነካካችም አይደለም፤ ሁለቱም ነካክተዋል። አንዷ አየችና ለወጠች።

ስለዚህ ብክለት ባያችሁበት ቅጽበት ትንፋሽ አትሳቡ፣ ብዕራችሁንም በችኮላ አታንሡ። ተማሪዎች የፈታኝ ፊት ያነባሉ፤ ከእናንተ ፊት አንብቦ ያረመ ራሱ አላረመም። ውሳኔው የሚጸናው የተበከለው ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ነው፤ እስከዚያ ጠብቁ። ይህን የምላችሁ ለማኒኪን ነው። ዎርድ ውስጥ ሰው አልጋ ላይ ከተኛ ወዲያው አስቁሙ፤ ያኔ ፈታኝ አይደላችሁም።

የምትቆሙበትም ቦታ ነገሩን ይወስነዋል። ከተማሪው ጀርባ የቆመ ፈታኝ የሚያየው ጀርባ ነው። ወደ ማኒኪኑ እግር በኩል፣ ተማሪው በሚሠራበት እጅ አቅጣጫ ቁሙ፣ የካቴተሩ ጫፍ ከዓይናችሁ አይጥፋ።

ማኒኪን አይጮህም፤ ሕመሙን እናንተ ስጡት። ተማሪው ውኃውን በስሪንጅ መግፋት ሲጀምር ፈታኙ «አመመኝ!» ይበል፤ ይህ ለሁሉም ተማሪ በአንድ ቃልና በአንድ ቦታ ይሁን፣ ወረቀቱም ላይ ይጻፍ። የሚጠበቀው መልስ ማቆም፣ ውኃውን መልሶ ማውጣት፣ ካቴተሩን ጥቂት ወደ ውስጥ መግፋት፣ ከዚያ እንደገና መሞከር ነው። የሴት ሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሽንት ከወረደ በኋላ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር መጨመር ይበቃል። በወንድ ግን ቧንቧው ረጅም ነውና ሽንት ስለታየ ብቻ ባሉን አይነፋም፤ ካቴተሩ ሁለት ወደሚሆንበት መገንጠያ ድረስ ይገባል። ያለዚያ ባሉኑ ቧንቧው ውስጥ ይነፋና ያደማዋል። የወንዱ ቼክሊስት ላይ ሸለፈት ካለ ወደ ቦታው መመለሱንም ጨምሩ፤ ከተረሳ ያብጥና ደም ያግዳል። የሚነፋው ውኃ መጠን ካቴተሩ ላይ ተጽፏል፤ ተማሪው ያንብበው እንጂ በልምድ 10 ሚሊ ሊትር ብሎ አይለፈው። ባሉኑን አስቀድሞ ነፍቶ መሞከር የቆዩ ቼክሊስቶች ላይ አለ። የአምራቹን መመሪያ ሳታዩ ነጥብ አትስጡበት፣ አትቀንሱበትም።

በሴት ማኒኪን ላይ ካቴተሩ በስሕተት የሴት ብልት ውስጥ ከገባ ምን ይደረግ? ሽንት አይወርድም፤ ምልክቱ ያ ነው። ተማሪው ያንን ካቴተር እዚያው እንደ ምልክት ትቶ አዲስ ካቴተር ከፍቶ ከበላዩ ያለውን ቀዳዳ ከፈለገ 1 ይሰጠዋል። አውጥቶ ያንኑ መልሶ ካስገባ ግን የመጀመሪያው ወሳኝ መስመር ላይ «አይ» ነው። ያረጁ ማኒኪኖች ቀዳዳቸው ሰፍቶ ካቴተሩ በራሱ ይንሸራተታል፤ ከፈተናው በፊት ራሳችሁ ሞክሩት።

ከፈተናው ቀን በፊት ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ ተማሪ ሲሠራ እዩ፣ ሳትነጋገሩ ነጥብ ስጡ፣ ከዚያ መስመር በመስመር አመሳክሩ። ድምራችሁ 24 እና 24 ሆኖ መስመሮቹ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ድምሩ አይሸውዳችሁ። የተለያያችሁበት መስመር አጻጻፉ ግልጽ አይደለምና አስተካክሉት እንጂ ማን ትክክል እንደሆነ ለመከራከር አትቀመጡ።

ለወደቀች ተማሪ አስተያየት ስትጽፉ «ስቴራይል አልጠበቀችም» አትበሉ። «የያዘችበት እጅ ካቴተሩን ከጫፉ አጠገብ ነካ፤ ሳይለወጥ ገባ» ብላችሁ ጻፉላት። ድጋሚ ፈተናም ስትወስድ የሚመለከታት ሌላ ፈታኝ ይሁን፣ የመጀመሪያውን ወረቀትም አያንብብ።