ባሕር ዳር ላይ ፎቅ ለምታሠሩ፦ ጣሪያ ላይ ስንት ሊትር?

ባሕር ዳር ላይ ጂ+4 አፓርታማ የምታሠሩ ወገኖች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። "ጣሪያው ላይ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ላስቀምጥ?" እኔ ብሆን አብዛኛውን ውሃ ታች አስቀምጠው ነበር።

እስቲ እናስላው። በየፎቁ ሁለት ቤት ካለ አሥር ቤት ነው። በቤት አራት ሰው ብንል 40 ሰው ይሆናል። ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ብንይዝ ሕንፃው በቀን 4,000 ሊትር ይፈልጋል። ጣሪያ ላይ የአንድ ቀን ፍጆታ ይበቃል። ሁለት ባለ 2,000 ሮቶ አድርጉ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል። ውሃ ለሚጠፋበት ጊዜ የሚሆነው 10,000 ሊትር መሬት ላይ ይቀመጥ። ክብደቱ 10 ቶን ነው፤ ኢንጂነሩ ሳያሰላው ጣሪያ ላይ አይወጣም። ግቢያችሁ ሐይቁ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ሮቶውን አትቅበሩት። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ሲል ባዶ ሮቶ ተንሳፍፎ ቧንቧውን ሊገነጥለው ይችላል።

ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ በሰዓት 2,000 ሊትር ቢሰጥ ጣሪያውን በሁለት ሰዓት ይሞላል። ከፍታው 17 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ሲሄድ የሚያጣው ሲጨመር 22 ሜትር ያዙ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ ላይ "ከፍተኛ 40 ሜትር፣ ከፍተኛ 2,400 ሊትር በሰዓት" ተብሎ ቢጻፍ ሁለቱ ባንድ ላይ አይገኙም። 40 ሜትር ላይ ጠብታ አይወጣም። የሚገዛላችሁን ሰው ሠንጠረዡን በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ጠይቁትና 22 ሜትር ላይ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ እዩ።

አሁን ወደ አራተኛ ፎቅ እንምጣ። ኪራዩ ጥሩ፣ ሻወሩ ግን ለቅሶ የሆነበት ፎቅ ነው። 10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል። ከሮቶው ሥር እስከ አራተኛ ፎቅ ሻወር ግን አንድ ሜትር ተኩል እንኳን አይሞላም። ሮቶውን ብታተልቁት ለውጥ የለውም፤ ግፊት የሚመጣው ከከፍታ እንጂ ከሊትር ብዛት አይደለም። ምድር ቤት ያለው ተከራይ ደግሞ በቂ ግፊት አለው።

ስለዚህ ግፊት የሚጨምረው ፓምፕ፣ ቡስተሩ፣ ለላይኞቹ ሁለት ፎቆች ብቻ ይሁን። ሦስት ቧንቧ ባንዴ ቢከፈት በደቂቃ 30 ሊትር ገደማ ነው፤ ያንን በ15 ሜትር የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ይበቃል። ባለ 24 ሊትር የግፊት ታንክ ይኑረው። ያለሱ አንድ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ፓምፑን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስነሳና ሲያጠፋ ያድራል።

ከፓምፑ ጎን ደግሞ ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ያለው ማለፊያ ቧንቧ አስገጥሙ። መብራት ሲጠፋ ውሃው በዚያ በኩል በራሱ ይወርዳል፤ ቀጭን ቢሆንም ይወርዳል። የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት የመብራት ቆጣሪው ተዘግቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ሲከፈት በቪዲዮ ያሳዩዋችሁ።