የማዘዣ ነጥብ በአማካይ ብቻ ሲሰላ ዕቃው ለምን ቀድሞ ያልቃል?

ጥያቄ፦ «አንድ ዓይነት አምፖል እሸጣለሁ። ያለፉትን 90 ቀናት ሽያጭ በኤክሴል መዝግቤ አማካዩ በቀን 10.8 ሆነ፤ ዕቃው ካዘዝኩ በኋላ በአማካይ በ7 ቀን ስለሚደርስ 76 ሲቀር አዛለሁ። ሆኖም ከግማሽ በላይ ጊዜ አዲሱ ሳይገባ ያልቅብኛል፤ አምፖል ያልነበረኝን 9 ቀን 0 ብዬ ጽፌዋለሁ። የመጨረሻዎቹ 6 ትዕዛዞች በ5፣ በ6፣ በ7፣ በ7፣ በ8 እና በ9 ቀን ደርሰዋል። 20 በመቶ ጨምርበት የሚሉኝ አሉ፤ ይበቃል?»

መልስ፦ አይበቃም። ስለሚጨመረው መጠን ከመነጋገራችን በፊት ግን እነዚያ 9 ዜሮዎች መነሳት አለባቸው። በእነዚያ ቀናት የተመዘገበው ዜሮ ፈላጊ አለመኖሩን ሳይሆን የሚሸጥ አለመኖሩን ነው የሚያሳየው፤ ኤክሴል ግን ሁለቱን መለየት አይችልም። በ90 ቀን የተሸጡት 972 አምፖሎች ናቸው፤ ለ90 ሲካፈሉ 10.8፣ አምፖል ለነበረባቸው 81 ቀናት ሲካፈሉ ደግሞ 12 ይሆናሉ። ዜሮው ሳይነካ ከቆየ ዕቃው ባለቀ ቁጥር አማካዩ ይወርዳል፤ አማካዩ ሲወርድ የማዘዣ ነጥቡ ይወርዳል፤ ነጥቡ ሲወርድ ዕቃው ይበልጥ ያልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መደርደሪያው ባዶ የነበረበትን፣ ወይም እኩለ ቀን ላይ ያለቀበትን ቀን ሴል ባዶ ይተዉት። AVERAGE እና STDEV.S ባዶ ሴልን አይቆጥሩም። በተቃራኒው አምፖሉ ኖሮ አንድም ሳይሸጥ የዋለበት ቀን የግድ 0 ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ባዶ ከተተወ አማካዩ ያለአግባብ ያድጋል።

አማካዩ 12 ሆኖ ሲስተካከል በ7 ቀን ውስጥ የሚጠበቀው ሽያጭ 84 ይሆናል። 84 ሲቀር ማዘዝም ቢሆን ለግማሽ ያህሉ ጊዜ ብቻ ነው የሚበቃው፤ ምክንያቱም አማካይ ማለት መካከለኛ ቦታ ነው፤ እውነተኛው ሽያጭ ግማሽ ጊዜ ከእሱ በታች፣ ግማሽ ጊዜ ደግሞ ከእሱ በላይ ይውላል። የመጠባበቂያ ክምችት የሚያስፈልገው ለዚህኛው፣ ከአማካይ በላይ ለሚሄደው ግማሽ ነው፤ መጠኑም የሚወሰነው ነገሩ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ በመለካት ነው።

የሚዋዥቁት ነገሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የቀን ሽያጩ ነው። ባዶዎቹ ሴሎች ከተስተካከሉ በኋላ የቀን ሽያጩ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ማለትም ከአማካዩ የሚዋዥቅበት መጠን፣ 5 ወጣ እንበል። በ7 ቀን ውስጥ ጥሩ ሽያጭ ያለበት ቀን ከቀዝቃዛው ቀን ጋር በከፊል ስለሚካካስ መዋዠቁ 35 አይሆንም፤ 5 በ7 ስኩዌር ሩት ተባዝቶ 13 ያህል አምፖል ይሆናል። ሁለተኛው የማድረሻ ጊዜው ነው። ከላኳቸው ስድስት ቁጥሮች አማካዩ 7፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 1.41 ቀን ነው፤ እያንዳንዱ የዘገየ ቀን 12 አምፖል ስለሚወስድ ይህኛው መዋዠቅ 17 ያህል አምፖል ነው። ሁለቱም ክፉ ቀናት ሁልጊዜ አብረው ስለማይመጡ 13 እና 17 በቀጥታ አይደመሩም፤ እያንዳንዳቸው ስኩዌር ተደርገው ይደመሩና ከድምሩ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል፤ ውጤቱ 21.5 ነው።

በሺቱ ላይ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የቀን ሽያጩ Sales በሚባል ሺት፣ የማድረሻ ቀናቱ ደግሞ Lead በሚባል ሺት ላይ ካሉ፣ በሦስተኛ ሺት ላይ እነዚህን ያስገቡ፦

```
B1  =AVERAGE(Sales!B2:B91)
B2  =STDEV.S(Sales!B2:B91)
B3  =AVERAGE(Lead!C2:C7)
B4  =STDEV.S(Lead!C2:C7)
B5  =NORM.S.INV(0.95)
B6  =B5*SQRT(B3*B2^2+B1^2*B4^2)
B7  =ROUNDUP(B1*B3+B6,0)
```

B5 ላይ የሚወጣው 1.645 ነው፤ B6 ማለትም የመጠባበቂያ ክምችቱ 35.4፣ B7 ማለትም የማዘዣ ነጥቡ 120 ይሆናል። 0.95 የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ በስህተት ይተረጎማል፤ ከ100 ደንበኛ 95ቱ ዕቃ ያገኛሉ ማለት ሳይሆን፣ ከ20 ትዕዛዝ በ19ኙ አዲሱ ዕቃ አሮጌው ሳያልቅ ይደርሳል ማለት ነው። ወደ 0.99 ከፍ ቢያደርጉት ነጥቡ 135 ይደርሳል፤ ለአንድ ዓይነት አምፖል ይህን ያህል መክፈል ተገቢ አይመስለኝም፤ ውሳኔው ግን የእርስዎ ነው።

አሁን 20 በመቶውን እንመዝነው። በ76 ላይ 20 በመቶ ሲጨመር 91 ይሆናል፤ ከ84 የሚበልጠው በ7 ብቻ ሲሆን መዋዠቁ ግን 21.5 ነው፤ ስለዚህ ከሦስት ትዕዛዝ ከአንድ በላይ በሆነው አሁንም ያልቅብዎታል። የመቶኛ ጭማሪ ችግሩ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ሽያጩ ለማይዋዥቅ ዕቃ ሲበዛ፣ ለሚዋዥቀው ደግሞ ሲያንስ ይኖራል።

ከስሌቱ ሌላም ነገር ይነበባል። ከ36ቱ የመጠባበቂያ አምፖሎች 14 ያህሉን የሚያስቀምጡት በገዢዎች ምክንያት ሳይሆን አቅራቢው ቀን ስለማያከብር ነው። B4 ላይ 0 ጽፈው ይሞክሩት፤ የመጠባበቂያ ክምችቱ ወደ 22 ይወርዳል። ስለዚህ ከአቅራቢው ጋር ሲነጋገሩ «ቶሎ አድርስልኝ» ከማለት «በተባለው ቀን አድርስልኝ» ማለቱ በብዙ ቦታ የበለጠ ይጠቅማል።

ነጥቡ ከወጣ በኋላ የሚነጻጸረው መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር ብቻ መሆን የለበትም። 120 ደርሶ ዛሬ ካዘዙ ነገ 108 ይቀራል፤ ሺቱ የታዘዘውን ካላየ ነገም እዘዝ ይላል፤ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ታዝዞ መተላለፊያው በካርቶን ሲዘጋ አይቻለሁ። በእጅ ያለውን በB8፣ ታዝዞ ያልገባውን በB9 ያስቀምጡና ይህን ይጠቀሙ፦

```
=IF(B8+B9<=B7,"እዘዝ","")
```

የማድረሻ ጊዜውን ሲቆጥሩም ማብቂያው መኪናው በር ላይ የቆመበት ቀን አይደለም። ቀደም ሲል በመጋዘን ስሠራ የመድረሻ ቀንን ከአቅራቢው ደረሰኝ ላይ እየገለበጥን ስንጽፍ ቆይተናል፤ ዕቃው ግን ተቆጥሮ ለሽያጭ እስኪወጣ ሌላ ሁለት ቀን ይወስድ ነበርና ስሌታችን ሁልጊዜ በሁለት ቀን ሽያጭ ይጎድል ነበር። ከትዕዛዙ ቀን ጀምሮ ዕቃው ለመሸጥ ዝግጁ እስከሆነበት ቀን ይቁጠሩ፤ ሱቁ በሳምንት አንድ ቀን የሚዘጋ ከሆነም ያንን ቀን ከሽያጩም ከማድረሻ ጊዜውም ላይ ያውጡት እንጂ ከአንዱ ብቻ አይቀንሱት።

ስድስት ትዕዛዝ ለስታንዳርድ ዲቪዬሽን ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ አዲስ ትዕዛዝ ሲገባ የLead ሺቱን፣ በB3 እና በB4 ቀመር ውስጥ ያለውን C2:C7 ጭምር፣ ያራዝሙት፤ B4 መጀመሪያ ላይ ከፍና ዝቅ ቢል አይደንግጡ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ለሚሸጥ ዕቃ ግን ይህን ቀመር አይጠቀሙ፤ የዚያ ዓይነት ሽያጭ በአማካዩ ግራና ቀኝ እኩል ስለማይሰራጭ 1.645 ትርጉሙን ያጣል።

በመጨረሻም ይህ ሁሉ ክምችቱ በየቀኑ እንደሚታይ ታሳቢ ያደረገ ነው። የሚቆጥሩት በሳምንት አንድ ጊዜ ከሆነ፣ ዛሬ 121 ያገኙት ዕቃ የሚታዘዘው ከ7 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያም ሌላ 7 ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ B6 እና B7 ውስጥ በB3 ምትክ (B3+7) ይጻፉ፤ ነጥቡ ከ120 ወደ 210 ይወጣል፤ ይህን ያህል አምፖል ከማስቀመጥ በየቀኑ አንድ ጊዜ መደርደሪያውን ማየት ይቀላል።