«አራት ምድር፣ አራት ጣዕም»፦ በጆሮ ያልተፈተነ መፈክር

በማሸጊያ ዲዛይን ሥራ ላይ ያለች አንዲት ወጣት ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ወደ ቻይና ቡና ለሚልክ ደንበኛዋ የተዘጋጀውን መፈክር ሁለት ሰዎች ወደ ቻይንኛ መልሰውላታል፤ ሁለቱም ትርጉሙ ትክክል መሆኑን አረጋግጠውላታል። «ታዲያ ከዚህ በኋላ ምን ይቀረኛል?» ትላለች። ጥያቄዋን ካነበብሁ ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ሣጥን አለ፤ ስለዚህ መልሱን ለእርሷ ብቻ ሳይሆን በዚህ ሙያ ለተሰማራችሁ ወጣቶች ሁሉ እጽፋለሁ።

በ2003 ዓ.ም. አንድ ቡና ላኪ ወደ ደቡብ ቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ ሲሄዱ በአስተርጓሚነት ተከትያቸው ነበር። ቤጂንግ የተማርሁ ስለሆንሁ በማንዳሪን፣ ማለትም በመደበኛው ቻይንኛ፣ ችሎታዬ እተማመን ነበር። ያዘጋጁት የስጦታ ሣጥን የይርጋጨፌ፣ የሲዳማ፣ የሐረርና የሊሙ ቡና በአራት ባለ 250 ግራም ከረጢት የያዘ ሲሆን፣ አንድ ላይ አንድ ኪሎ ይሞላል፤ ዋጋውም 250 ዩዋን ተብሎ ተቆርጧል። መፈክሩ በአማርኛ «አራት ምድር፣ አራት ጣዕም» ይላል። እኔም በአንድ ምሽት «ስ ዲ፣ ስ ዌይ» ብዬ መለስሁት። «ስ» አራት፣ «ዲ» ምድር፣ «ዌይ» ጣዕም ነው። ቻይናውያን በአራት ፊደል የሚቋጭ ሐረግ ስለሚወዱ፣ ሥራዬ ያማረ መስሎኝ ነበር።

ገዢው የሻይ ነጋዴ ነበሩ፤ እናታቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። መፈክሩን ጮክ ብዬ አነበብሁ። እናትየው ማንዳሪን ስለማይከተሉ፣ የሱቁ ሠራተኛ በአካባቢው ቋንቋ በካንቶንኛ «ሴይ ዴይ፣ ሴይ ሜይ» ብሎ ደገመላቸው። ሴትዮዋ አንድም ቃል ሳይናገሩ የሣጥኑን ክዳን መልሰው ገጠሙና አንድ ስንዝር ያህል ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። ልጃቸው ሻዩን መቅዳት አላቋረጡም፤ የቡናውን መዓዛ አመሰገኑ፣ ዋጋውንም አይተው ፈገግ አሉና «እናጥናው» አሉን። ያ ጥናት እስከ ዛሬ አልተጠናቀቀም። ላኪው ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ዋጋው ሳይወደድባቸው አልቀረም አልኋቸው።

ምክንያቱን የተረዳሁት ከዓመት በኋላ ነው፤ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ሣጥኑን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። በማንዳሪን «አራት» እና «መሞት» ሁለቱም «ስ» ናቸው፤ የሚለያቸው ቅላጼ ብቻ ነው። አራት ሲሆን ድምፁ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መሞት ሲሆን ግን ወደ ታች ጎድጎድ ይላል። የእኛ «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን፣ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን እንደሚያመለክት ማለት ነው። ይህን እኔም አውቅ ነበር። ያላየሁት ከጎኑ የቆመውን ቃል ነው፤ «ስ ዲ» በሌላው ቅላጼ ሲነበብ መውጫ የሌለው የሞት ስፍራ ማለት ሲሆን፣ ከጥንት የጦር ስልት ጽሑፍ ጀምሮ የታወቀ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ስ ዌይ» ደግሞ የሞት ጣዕም ይሆናል። ለስጦታ የሚሰጥ፣ በአፍ የሚጠጣ ነገር ላይ የሞት ምድርና የሞት ጣዕም ጽፌ ነበር። 250ም የራሱ ነገር አለው፤ «አር ባይ ዉ» ተብሎ ሲነበብ በቻይና ቂል ሰው የሚሰደብበት ቃል ነው። በከረጢት ላይ የክብደት መጠን ሆኖ ቢጻፍ የሚከፋ የለም፣ ወተቱም ጭማቂውም በባለ 250 ሚሊ ሊትር ይሸጣል። ዋጋ ሲሆን ግን ከፋዩ ራሱ የተሰደበ ይመስለዋል። የሰውዬው ፈገግታ ምን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ለላኪው ግን እውነቱን አልነገርኋቸውም። በሁለተኛው ዓመት ዋጋውን ቀንሰው ያንኑ ሣጥን ደግመው ላኩ፤ እኔ ዝም አልሁ። የሚቆጨኝ ከስህተቱ ይልቅ ያ ዝምታ ነው።

ከዚህ ተነሥታችሁ አራት የሚባል ቁጥር ሁሉ ይጥፋ አትበሉ። ሲቹዋን የምትባለው ክፍለ ሀገር የስሟ መጀመሪያ «አራት» ነው፤ አራቱ ወቅቶችም በየሆቴሉና በየምግብ ቤቱ ስም ላይ ይውላሉ። አደጋው የሚነሣው ቁጥሩ ከስጦታ፣ ከዋጋ ወይም ከሕክምና ጋር ሲገናኝ፣ እንዲሁም ቀጣዩ ቃል መጥፎውን ሐረግ ሲሞላው ነው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ኅብሩ ያለው በአንዱ ቃል ብቻ ሳይሆን ቃሉ ከጎረቤቱ ጋር በሚገጥምበት ስፍራም ነው። የዛሬ ልጆች በቅላጼ ከእኛ ትውልድ ይበልጣሉ፤ ነገር ግን ቻይንኛን በስልክ መስታወት ላይ በዓይን ታነባላችሁ እንጂ በጆሮ አትፈትኑትም።

ፈተናው ደግሞ ውድ አይደለም። መፈክሩን ላላዩ ስድስት ያህል ሰዎች ሳታሳዩ አንብቡላቸውና የሰሙትን በቻይንኛ ፊደል እንዲጽፉ ጠይቋቸው። «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ይዟቸው ጥሩ ነው ይሏችኋል። አንዱ እንኳ ሌላ ፊደል ከጻፈ ወጥመዱ እዚያ አለ። ከስድስቱ መካከል የካንቶንኛ ተናጋሪ እና «ስ»ን ከ«ሽ» የማይለይ የደቡብ ሰው ይኑርበት። ከዚያ በፊትም ቃሉን ያለ ቅላጼ በስልክ ላይ `sidi` ብላችሁ ጻፉና የሚመጡላችሁን አማራጮች አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ስልኩ እንደ ደንቆሮ ጆሮ ቅላጼውን ስለማይሰማ፣ ክፉውንም ደጉንም አንድ ላይ ያወጣላችኋል። ስድስት ሰው ብያለሁ፤ ይሁን እንጂ እንደ እነዚያ እናት ያለ አንድ የአዛውንት ጆሮ ከስድስቱ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ስም ከተበላሸ በኋላም ይታረማል። የሆንግ ኮንግ ክራባት ሠሪ ጸንግ ሂን-ቺ ምርታቸውን በመጀመሪያ «ጋም ሲ»፣ ማለትም «ወርቃማ አንበሳ» ብለውት ነበር። በካንቶንኛ ግን «ጋም ሹ»፣ «ዛሬ ኪሳራ» የሚል ይመስላል፤ ቁማር ወይም ንግድ የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ ስጦታ አይቀበልም። እርሳቸው ወርቁን በትርጉሙ ይዘው፣ «ላየን» የሚለውን የእንግሊዝኛ የአንበሳ ስም ደግሞ በድምፁ ወስደው «ጋም ሌይ ሎይ» አሉት፤ ወርቅና ትርፍ ይመጣል ማለት ነው። እኛ አንበሳን በየምርታችን ላይ መሣል ስለምንወድ ይህን ታሪክ ደጋግሜ አነሣዋለሁ።

የእኔን መፈክር ያረምሁት ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። «ዪ ቤይ፣ ዪ ሺያንግ» ይላል፤ «አንድ ስኒ፣ አንድ አገር ቤት»። «ሺያንግ» የትውልድ መንደር ሲሆን፣ በዚያው ቅላጼ መዓዛ ማለትም ነው፤ በካንቶንኛም ሁለቱ «ሆንግ» እየተባሉ በድምፅ አንድ ይሆናሉ። ስኒ የሆነው «ቤይ» ራሱ ግን ጥንቃቄ ይሻል። «ቤይ ጁ»፣ የስኒ ዕቃዎች፣ ከሚለው ጋር ከተገናኘ ከ«አሳዛኝ ድራማ» ጋር አንድ ድምፅ ይሆናል፤ ወጣቶቻቸውም በዚህ ይቀልዳሉ። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ ስኒ ከተጨመረ «ቤይ ጁ» የሚለው ቃል ክዳኑ ላይ አይጻፍ፤ ከረጢቶቹም አራት መሆናቸው ቀርቶ ስድስት ይሁኑ።

ልጄ፣ መፈክርሽን ገና አላየሁትም። ከመላክሽ በፊት ለስድስቱ ሰዎች አንብቢላቸው፤ የጻፉትንም ወረቀት እንዳለ ላኪልኝ። እኔም በዚህ ሳምንት ወደ ላኪው ቤት እደውላለሁ።