ከ«ዱቤ» ጀምሩ፦ ጎልማሶችን ለምታስተምሩ ልጆቼ

ሰሞኑን ጣና ዳር ሻይ እየጠጣን ሁለት ወጣቶች ያጋጠማቸውን አወሩኝ። የማታ የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ሆነው ተመድበዋል። በመጀመሪያው ሳምንት 28 ሰው መጣላቸው። በአምስተኛው ሳምንት የቀሩት 9 ናቸው። «ጋሼ፣ ሰዉ መማር አይፈልግም» አሉኝ። እኔም በእነሱ ዕድሜ ይህንኑ ቃል ተናግሬው ስለነበር እዚያው አጭር መልስ ሰጥቼ ልሸኛቸው አልፈለግሁም። ቤት ገብቼ ይህን ጻፍኩ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ገጠር ተላክሁ። የማውቀው የማስተማር ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ የተማርኩበት። የፊደል ገበታ ሰቀልኩ፣ በዘንግ እየጠቆምኩ «ሀ በሉ» አልኩ። ሰዎቹም አሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ብዙዎቹ ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ ይወጡት ጀመር። ደስ አለኝ። አንድ ቀን ግን ዘንጉን መሃል ላይ ወስጄ «ቤ»ን ጠቆምኩና «ይህቺ ማን ናት?» አልኩ። ዝም። አንድ አዛውንት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከ«በ» ጀምረው «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ…» እያሉ እየቆጠሩ ነበር የሚደርሱባት። ፊደሉን አላወቁትም፤ ዜማውን ነው የያዙት።

ልጅ በዚህ መንገድም ይወጣዋል። በቃሉ የያዘውን ውሎ አድሮ ከዓይኑ ጋር ያገናኘዋል፣ ጊዜም አለው፣ ካልገባው ደግሞ እናቱ ነገ መልሳ ትልከዋለች። ጎልማሳን የሚልከው የለም። ካልገባው አይጨቃጨቅም፣ አይጠይቅም፤ ከመጣው ሁሉ ፊት ከመሳሳት ይልቅ ዝም ብሎ ይቀራል። እናንተ መዝገቡ ላይ «አቋረጠ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

የጎልማሶችን ትምህርት የሚመለከተው ሙያ «አንድራጎጂ» ይባላል። ቃሉን አሌክሳንደር ካፕ የተባለ ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1833 ተጠቅሞበታል፤ በዓለም ያስተዋወቀው ግን አሜሪካዊው ማልኮም ኖውልስ ነው፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ። ነገሩን በቀላሉ ላስቀምጠው። ጎልማሳ ምን እንደሚማር ከማወቁ በፊት ለምን እንደሚማር ማወቅ ይፈልጋል። ባዶ ሆኖ አይመጣም፣ የኖረውን ይዞ ነው የሚመጣው። የሚፈልገውም ዛሬ የያዘውን ጣጣ የሚፈታለት ነገር ነው። ይህን ስልጠና ላይ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ችግሩ ማታ 12 ሰዓት ላይ ጠመኔ ይዛችሁ ስትቆሙ ምን ታደርጉበታላችሁ የሚለው ነው። ስለዚህ አንድ ክፍል ልንገራችሁ።

ከዓመታት በኋላ እዚሁ ባሕር ዳር ዓሣ የሚሸጡ ሴቶችን የማስተማር ዕድል አገኘሁ። በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ እንዳነበበ ሰው «ምን መማር ትፈልጋላችሁ?» አልኳቸው። «መምህር ነህ፣ አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ይህ ጥያቄ ፈተና ነው። ጎልማሳ ራሱን ይመራል ሲባል ከመጀመሪያው ቀን መሪውን ይይዛል ማለት አይደለም፤ ኖውልስም ቢሆን ከአሥር ዓመት በኋላ ሐሳቡን አለዝቦ፣ የልጅና የአዋቂ ማስተማሪያ ተቃራኒ ሳይሆኑ እንደ ሁኔታው አንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ መንገድ ናቸው ብሏል። በማግስቱ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ባለፈው ሳምንት ገንዘብ ያጣችሁበት ነገር ምንድን ነው?» አልኩ። ክፍሉ ተናጋ። ሁሉም ስለ ዱቤ ነው የሚያወራው። ሆቴል ቤቱ ይወስዳል፣ ጎረቤት ይወስዳል፣ ሂሳብ ሲመጣ «አራት ነው የወሰድኩት» «የለም፣ ስድስት ነው» ይባባላሉ።

አንዲት እናት ከመቀነታቸው የተጣጠፈ ደብተር አወጡ። ማንበብ አይችሉም፤ ደብተሩ ግን ሞልቷል። አንዱ ገጽ ላይ ብስክሌት ተስሏል፣ ከሥሩ ስድስት ጭረት። ብስክሌት የሚነዳው ደንበኛ ስድስት ዓሣ ወስዷል ማለት ነው። ሌላው ገጽ ላይ ባርኔጣ አለ። «ሁለት ባለ ባርኔጣ ሲመጣብኝ ነው የተቸገርኩት» አሉኝ። ለምን ስም መጻፍ እንደሚያስፈልግ እኔ አላስረዳኋቸውም። እሳቸው ናቸው ለክፍሉ ያስረዱት።

የመጀመሪያ ቃላችን «ዱቤ» ሆነ። ይህን አካሄድ ያገኘሁት ከብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ ነው፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1963 አንዢኮስ በምትባል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን ሲያስተምር ከሰዎቹ ኑሮ የወጣ ቃል ይመርጥና፣ ቃሉን በድምፅ ከፋፍሎ፣ የእያንዳንዱን ድምፅ ቤተሰብ ይዘረዝራል። ለእኛ ፊደል ይህ የተሰፋለት ልብስ ነው፤ ቤተሰቡ ቀድሞውኑ ተሰልፎ ቆሟል። «ዱ»ን ጻፍኩና ወንድምና እኅቶቿን ከጎኗ አሰለፍኩ፦ ደ ዱ ዲ ዳ ዴ ድ ዶ። ከሥር «ቤ»ን ከነቤተሰቧ፦ በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ።

ከዚያ አላዜምኩም። «ሁለቱን ረድፎች አስተያዩ፣ ምን ይመሳሰላል?» አልኩ። ካዕቡ ከጎኑ ጭረት አለው፣ ዱም ቡም። ሣልሱ ጭረቱን እግሩ ሥር አወረደው። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት አሰረ። ራብዑ በቀኝ እግሩ፣ ሳብዑ በግራ እግሩ ቆመ። ሳድሱ ብቻ አመለኛ ነው፣ እሱን በቃል መያዝ ይሻላል። ልጅ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳል። አዋቂ ግን ሕግ መፈለግ ለምዷል፣ ሕጉን ሲያገኝ ሸክሙ ይቀልለታል። ሁሉም ፊደል እንዲህ ቀና አይደለም። እኔ ራሴ ሌላ ቦታ «ቆሮሶ» በሚለው ቃል ጀምሬ ተቸግሬአለሁ፤ ዓሣውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ነገር ግን ሦስቱም ፊደላት ሳብዕ ሆነው ሳለ ቆ እና ሮ ቀለበታቸው አናታቸው ላይ ነው፣ ሶ ደግሞ በአንድ እግሩ የቆመ። ሕግ የለም ብለው ተስፋ ቆረጡ። ቃል ስትመርጡ ኑሯቸውንም ቅርጹንም እዩ።

አሥራ አራቱን ፊደላት በካርቶን ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ በተንኩና «ቃል ሥሩ» አልኩ። ዱባ ወጣ። ባዶ ወጣ። አንዷ «ዳቦ» ልሥራ ብላ «ደቦ» ሠራች፤ ጓደኛዋ አይታ «ይሄማ ደቦ ነው፣ እግሩን ቀይሪው» አለቻት። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። መማራቸውን የማውቀው እንዲህ ነው፤ ፊደሉን ከሰልፉ አውጥታችሁ ስታሳዩት ሳይቆጥሩ ሲለዩት። የፊደል ገበታውን ግን ከግድግዳው አውርጄ አልቀረሁም። አውርጄ ነበር፣ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?» ብለው ቅር ስላላቸው መልሼ ሰቀልኩት።

ቁጥር ላይ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ስድስት ዓሣ፣ አንዱ 85 ብር። እኚያ እናት በአፋቸው ወዲያው «510» አሉ። እንዴት እንዳገኙት ጠየቅኋቸው። ስድስት ጊዜ 80፣ 480። ስድስት ጊዜ አምስት፣ 30። በቃ። እኔ በትምህርት ቤቱ ወግ ከአንድ ቤት ጀምሬ «ሠላሳ፣ ዜሮ ጻፉ፣ ሦስት ያዙ» ስል ግን ተደናገሩ፣ በአፋቸው ያወቁትን በወረቀት ሳቱት። እሳቸው ከትልቁ ይጀምራሉ፣ እኔ ከትንሹ። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳቸውን መንገድ አስጽፏቸው፤ 480፣ ከሥሩ 30፣ ከሥሩ ድምሩ። የእኛን ስልት በኋላ፣ ካስፈለገ።

እኚያ እናት ድምሩን ሲጽፉ «50010» ብለው ጻፉ። እንዳትስቁ፣ እንዳትቆጡም። እንደሚነገረው ነው የጻፉት፤ አምስት መቶ፣ ከዚያ አሥር። መድኃኒቱ ካርቶን ነው። በረጅሙ ካርቶን 500 ትጽፋላችሁ፣ በአጭሩ ካርቶን 10። አጭሩን በሁለቱ ዜሮዎች ላይ አስተካክላችሁ ትደርቡታላችሁ። 510 ይሆናል። በእጃቸው ደርበው ሲያነሱት ዜሮዎቹ የት እንደገቡ ያያሉ።

አሁን እኔ ለረጅም ጊዜ ያላየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ታነባለች፣ ያንኑ ደብተር ላይ ስሰጣት ትሳሳታለች። ቡ እና ቢ ይምታቱባታል። አልገባትም ብዬ እደጋግምባት ነበር። አንድ ማታ ደብተሩን ከፊቷ ስታርቀው፣ ክንዷን እስክትዘረጋ ድረስ ስታርቀው አየሁ። ከ40 ዓመት ወዲያ የቅርብ እይታ ይደክማል፤ የኛ ፊደል ደግሞ የሚለየው በጥቃቅን ጭረት ነው፣ ክፍሉም በአንድ አምፖል የሚበራ። የንባብ መነጽር ስታደርግ ቡ እና ቢ ተለዩ። ሦስት ወር ሙሉ ያስቸገራት ዓይኗ ነበር። እናንተ በመጀመሪያው ሳምንት ፈትሹ።

የሙያ ስልጠና ላይ ያላችሁም ብዙው ይመለከታችኋል፤ ልዩነቱ እዚያ የሰውዬው ልምድ እንቅፋትም ይሆናል። 20 ዓመት በስንዝርና በዓይኑ የሠራ አናጢ ሜትር ለምን እንደሚያስፈልገው አይታየውም፣ ብቻውን ሲሠራ በሩ ይገጥምለታላ። ንግግር አያሳምነውም። መቃኑን ለአንዱ፣ በሩን ለሌላው ስጡና በየፊናቸው ይሥሩ። ሲያገናኙት ይተያያሉ።

ወደ ዓሣ ሻጮቹ ልመለስ። ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ገበያ ደራ፣ ክፍሌ ባዶ ሆነ። መዝገቡን «አቋረጡ» ብዬ ልዘጋ ነበር። ከመዝጋቴ በፊት ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ አየኋቸው፤ ታንኳ እስኪመጣ እየጠበቁ፣ እጃቸው እርጥብ፣ ለትምህርት የሚሆን ሰዓት የላቸውም። ፋሲካ እስኪያልፍ ክፍሉን ዘጋሁት። ከፋሲካ በኋላ አብዛኞቹ ተመለሱ። እኚያ እናት ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ብስክሌቱ አሁንም ተስሏል። ከጎኑ ግን በጎበጡ ፊደላት የደንበኛው ስም አለ፣ ከሥሩም 510። «ስሙን ከጻፉ ብስክሌቱ ለምን አስፈለገ?» ልል ነበር፣ ተውኩት። ሥዕሉን ለብዙ ወራት ከስሙ ጋር ይስሉት ነበር። አንድ ቀን በራሳቸው ጊዜ ተዉት።