ለእኔ 35፣ ለእህቴ ልጅ 15

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤ ልጄ ከውጭ ሲመጣ የሰውነት ስብ የሚለካ ሚዛን አመጣልን። እኔ 63 ዓመቴ ነው፣ 66 ኪሎ እመዝናለሁ። ሚዛኑ 35 በመቶው ስብ ነው ስላለኝ ደንግጬ እራት ትቻለሁ። ከእኔ ጋር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ደግሞ ከአርሲ የመጣች የ20 ዓመት ሯጭ ናት። 50 ኪሎ ሆና ስቧ 15 በመቶ ነው፤ አሰልጣኟ ግን 12 እስኪገባ ቀንሺ ብሏታል። ቁርስ ሳትበላ ልምምድ ትወጣለች። የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወር ሆኗታል፤ "ሯጭ ሁሉ እንዲህ ነው" ትለኛለች። ከሁለታችን መቀነስ ያለብን ማን ነን?
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

እናቴ፣ ከልጅቷ ልጀምር፤ የእርስዎ ጉዳይ ጥቂት ቢቆይ ግድ የለም፣ የእሷ ግን አይቆይም።

ስብ ሁሉ ትርፍ አይደለም። በመቅኒ፣ በአንጎል፣ በነርቮችና በውስጥ አካላት ውስጥ ያለው ስብ ከሌለ ሰውነት ሥራውን መሥራት አይችልም። ይህ የግድ የሚያስፈልግ ስብ በወንድ 3 በመቶ፣ በሴት 12 በመቶ ገደማ ነው። የሴት የሚበልጠው ሰውነቷ ለእርግዝናና ለማጥባት ስለተዘጋጀ ነው። ከልጅቷ 50 ኪሎ ውስጥ 7.5 ኪሎው ስብ ከሆነ፣ 6 ኪሎው ሊነካ የማይገባው ነው ማለት ነው። የሴት ስፖርተኞች መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 20 በመቶ ስለሆነ እሷ አሁንም ጠርዙ ላይ ናት።

እኔን ከቁጥሩ ይልቅ ያስጨነቀኝ የወር አበባዋ ነው። በ15 በመቶ የወር አበባቸው ሳይዛባ የሚመጣላቸው ሯጮች አሉ፤ በ20 በመቶ የሚቀርባቸውም አሉ። ዋናው ነገር ከልምምድ በኋላ ለሰውነት የሚተርፈው ጉልበት ነው። ለምሳሌ በቀን 1,900 ካሎሪ በልታ 700ውን በሩጫ ብታቃጥል 1,200 ይተርፋታል። ይህ ስብ ላልሆነው 42.5 ኪሎዋ ሲካፈል ለአንዱ ኪሎ 28 ካሎሪ ይደርሰዋል። በቂ የሚባለው 45 አካባቢ ነው፤ ከ30 በታች ሲወርድ ሰውነት መቆጠብ ይጀምራል፣ ቀድሞ ከሚያቋርጣቸው ነገሮች አንዱም የወር አበባ ነው። አብሮ ኢስትሮጅን ይቀንሳል፣ አጥንትም ይሳሳል። ያውም አጥንቷ ገና መጠንከር በሚገባው ዕድሜ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ትይ። ሐኪሙ በመጀመሪያ እርግዝና አለመኖሩን፣ ከዚያም የታይሮይድና ሌሎች ሆርሞኖቿን ያጣራል። ቅልጥሟ ላይ በጣት ጫፍ የሚጠቆም፣ ስትሮጥ የሚብስ ሕመም ካላት ለሐኪሙ ትንገረው፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ በራጅ ላይታይ ይችላል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ደም ቢያመጣላትም መፍትሔ አይደለም፤ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ ጉልበቷን አይተካላትም። ከልምምድ በፊት በሶ ወይም ዳቦ በሻይ፣ እንደተመለሰች ደግሞ እንቁላል በእንጀራ ትብላ። አሰልጣኟም ሐኪሙ የሚጽፈውን ወረቀት ይይ።

በነገራችን ላይ ሚዛኑ ስብን በቀጥታ አይለካም። በእግር በኩል ደካማ ኤሌክትሪክ ያሳልፍና የሚገጥመውን መከላከያ ከዕድሜ፣ ከጾታና ከቁመት ጋር አገናዝቦ ይገምታል። ውኃ ያለበት ጡንቻ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ስብ ግን ያግደዋል። ልጅቷ ላብ አፍስሳ በተጠማች ሰዓት ብትወጣበት ከእውነተኛው በላይ ስብ ሊያሳያት ይችላል። ሦስትና አራት በመቶ መሳሳት ለእንዲህ ያለ ሚዛን የተለመደ ነው። 15 ያለው 12 ሊሆን ይችላል! በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሦስት በመቶ ቀንሺ ማለት እጅግ አደገኛ ነው።

ወደ እርስዎ ልምጣ። ሐኪሞች በሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ሰንጠረዥ፣ ከ20 እስከ 39 ዓመት ላለች ሴት ጤናማው ከ21 እስከ 33 በመቶ ሲሆን ከ60 እስከ 79 ላለች ከ24 እስከ 36 ነው። ለወንዶች በወጣትነት ከ8 እስከ 20፣ በእርጅና ከ13 እስከ 25 ይሆናል። ስለዚህ የእርስዎ 35 በልኩ ውስጥ ነው። ልኩ ከዕድሜ ጋር ከፍ የሚለው ጡንቻ እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው፤ ሰው ኪሎው ሳይለወጥ ቀሚሱ ወገቡ ላይ የሚጠበውም በዚሁ ምክንያት ነው። እራት ሲተዉ ታዲያ ከስቡ ጋር ይህ ያለዎት ጡንቻ አብሮ ይሄዳል። ዛሬ ማታ ይብሉ፤ ምስር ወይም ሽሮ፣ በፍስክ ቀን እንቁላል ይጨምሩበት።

ከሚዛኑ ይልቅ ሁለት ነገር ይለኩ። አንደኛው ወገብዎ ነው፤ ከ88 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ስቡ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ተከማችቶ ሊሆን ስለሚችል ስኳርዎንና ግፊትዎን ያስለኩ። ሁለተኛው ጉልበትዎ ነው። ግድግዳ ተደግፎ በቆመ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና አምስት ጊዜ ተነሥተው ይቀመጡ። ልጅቷ ሰዓት ትያዝልዎ፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደብዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ።